ድምሩ ልክ ነበር፣ ብሬከሩ ግን ወደቀ

ባለፈው ቅዳሜ ማታ ስምንቱም ቻርጀሮች መኪና ተሰክቶባቸው፣ ግማሹ አፓርታማ እንጀራ እየጋገረ፣ መብራታችን ሳይጠፋ አደረ። ለሌላ ሰው ይሄ ወሬ አይደለም። እኔ ግን አራት ወር ለፍቼበታለሁ፣ ሁለቱን ወር ደግሞ አንዲት እዚህ ግባ የማትባል ስህተት በልታብኛለች። እሷን ነው የምነግራችሁ።

ያለሁት አዲስ አበባ፣ 40 ቤት ባለው አፓርታማ ነው። የራሱ ባለ 200 ኬቪኤ ትራንስፎርመር አለው፤ መብራቱ ከሱ የሚወጣው ፌዝ በሚባሉ ሶስት መስመሮች ነው። በ400 ቮልት ሲሰላ በአንድ ፌዝ 289 አምፔር ገደማ ይሰጣል፤ ከሱ ቀጥሎ ያለው ዋና ብሬከር ግን 250 ስለሆነ ገደባችን እሱ ነው። የነዳጅ የቤት መኪና ማስገባት በ2016 ከተከለከለ ወዲህ ፓርኪንጋችን በኤሌክትሪክ መኪና ሞላ። ኮሚቴው ስምንት ባለ 7 ኪሎዋት ቻርጀር አስገጠመ፣ እያንዳንዱ በአንድ ፌዝ 32 አምፔር ይስባል። ትራንስፎርመር ማሳደግ የሚቀመስ አልሆነም። «አንተ ኤሌክትሪሺያን አይደለህ? መላ በል እንጂ» ተባልኩ።

መጀመሪያ በተራ ሞከርን። ጥበቃው ደብተር ይዘው ማን መቼ እንደሚሰካ ይጽፉ ነበር። ሁለት ሳምንት አልቆየም፣ ሰዉ ከእሳቸው ጋር ተጣላ። በሰው ተራ ማስያዝ አይሰራም ባይ ነኝ፤ ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ተነስቶ መኪናውን የሚነቅል ሰው እስካሁን አላየሁም።

ከዚያ ወደ አውቶማቲክ ገባሁ። ዋናው መስመር ላይ ጭነቱን የሚያነብ ቆጣሪ ተገጠመ፣ አንዲት ትንሽ ኮምፒውተር ቆጣሪውን እያየች ለእያንዳንዱ ቻርጀር፣ ቻርጀርና ኮምፒውተር በሚነጋገሩበት ኦሲፒፒ በሚባል ቋንቋ፣ `SetChargingProfile` የሚባለውን ትእዛዝ ትልካለች። ቻርጀሩ ደግሞ ለመኪናው «ከዚህ አምፔር በላይ እንዳትስቢ» ይላታል። መኪናዋ ትታዘዛለች። ይሄ ክፍል በአንድ ቅዳሜና እሁድ አለቀ፣ እኔም ጨረስኩ ብዬ ፎከርኩ።

በሳምንቱ ረቡዕ ምሽት ብሬከሩ ወደቀ። ሊፍት ውስጥ ሰው ነበር። ቅዳሜ ደገመ። ኮምፒውተሯን ስከፍት ሁሉም ነገር አረንጓዴ ነው፣ እንዲያውም ትርፍ አለ ትለኛለች። እኔስ ምን አደረግኩ? ብሬከሩ አርጅቷል ብዬ ደመደምኩና የኮሚቴውን ገንዘብ አስወጥቼ በአዲስ አስቀየርኩት። አዲሱም ወደቀ።

መልሱን ያገኘሁት በክላምፕ ሜትር ነው፣ ኬብሉን አቅፎ ስንት አምፔር እንደሚያልፍ በሚለካው መሳሪያ። ይህን ስራ የሚጀምር ሰው ከሶፍትዌሩ በፊት ደህና ክላምፕ ይግዛ። ያን ዕለት ከምሽቱ 1 ሰዓት ላይ ዋናው ካቢኔት አጠገብ ቆሜ ሶስቱን ፌዞች አንድ በአንድ ለካሁ። አር 310 አምፔር፣ ኤስ 159፣ ቲ 142። የሶስቱ ፌዞች መመለሻ የሆነው የኒውትራሉ ኬብል በእጄ ስነካው ይሞቃል። አር ላይ ያለው ቮልቴጅ 200 አካባቢ ወርዷል፣ ሌሎቹ ላይ ከ220 በላይ ነው። ያኔ ገባኝ።

ቻርጀሮቹን የገጠመው ሰው ለኬብሉ የቀለለውን መርጦ አምስቱን አር ላይ፣ ሁለቱን ኤስ ላይ፣ አንዱን ቲ ላይ አስሯቸዋል። አር ላይ ቤቶቹ ብቻቸውን 150 ይስባሉ፣ አምስቱ መኪና 160 ሲጨምሩበት 310 መጣ። የእኔ ፕሮግራም ግን ሶስቱን ደምሮ ለሶስት ያካፍል ነበር። 611 ለሶስት 204 ገደማ ነው። ለጥንቃቄ የፕሮግራሙን ገደብ ከ250 ዝቅ አድርጌ 225 ላይ ስላደረግኩት ኮምፒውተሯ «ገና 21 ቀርቷል» ትላለች። ብሬከሩ ደግሞ አማካይ አያውቅም፣ የሚያየው የራሱን ፌዝ ነው። በ310 ወዲያው አይወድቅም፣ እየሞቀ ቆይቶ አንድ ሰዓት ያህል ካለፈ በኋላ ነው የሚወድቀው፤ ለዚህ ነው መንስኤው ያልተገለጠልኝ። ገጣሚውን ልወቅስ ነበር፣ ግን ለሶስት ያካፈልኩት እኔ ነኝ።

ቻርጀሮቹን እንደገና አከፋፈልናቸው፤ አር ሁለት፣ ኤስ ሶስት፣ ቲ ሶስት። በዚያው ምሽት ጭነት አር 214፣ ኤስ 191፣ ቲ 206 ይሆናል። ፕሮግራሙም አሁን እያንዳንዱን ፌዝ ለብቻው ያያል። እዚህም ላይ ተሳስቻለሁ፦ ኮምፒውተሯ ላይ «አር» ብዬ የጻፍኩላቸው ሁለት ቻርጀሮች ለካ ቲ ላይ ናቸው። ቻርጀሩ ላይ የተለጠፈውን አትመኑ። ሁሉንም አጥፉ፣ አንድ መኪና ብቻ ሰክታችሁ የትኛው ፌዝ በ32 እንደዘለለ እዩ፣ ጻፉት፣ ወደሚቀጥለው ሂዱ። ስምንቱን ለመጨረስ አንድ ሰዓት አይፈጅም። እኔ በስንፍና ስለዘለልኩት ሶስት ሳምንት ከፈልኩ።

የቀረው ከባድ ነገር ምጣድ ነው። ምጣድ ብዙ አምፔር ይስባል፣ በየቤቱ የሚበራውም በአንድ ጊዜ ነው። ቅዳሜ ማታ አር ላይ የቤቶቹ ጭነት 217 ደረሰ እንበል። ለመኪና የቀረው 8 አምፔር ነው። ሁለት መኪና አለ፣ ግን ለሁለቱ አራት አራት መስጠት አይቻልም፤ ቻርጀር ለመኪና ሊነግራት የሚችለው ትንሹ 6 ነው፣ ከዚያ በታች ማቆም ብቻ ነው ያለው። ስለዚህ አንዷ 8 ትወስዳለች፣ ሌላዋ ትጠብቃለች፣ በየግማሽ ሰዓቱ ይቀያየራሉ። በየ5 ደቂቃው አደርገው ነበር፣ አንዳንድ መኪና ግን ደጋግመው ሲያቆሟት ተኝታ አትነሳም።

ሰው «በ6 አምፔር ምን ይሞላል?» ይለኛል። 6 አምፔር 1.3 ኪሎዋት ነው፣ በስምንት ሰዓት ከ10 ኪሎዋት ሰዓት በላይ ይሆናል። ከተማ ውስጥ በቀን 40 ኪሎሜትር የሚነዳ ሰው ከዚህ በላይ አያስፈልገውም። ደግሞ ከሌሊቱ 5 ሰዓት በኋላ ቤቶቹ ሲተኙ ሁሉም 32 ያገኛል።

ሌላው፣ መቀነስ በሰከንዶች፣ መጨመር በደቂቃዎች ይሁን። እኔ ሁለቱንም ፈጣን አድርጌ ሊፍቱ በተነሳ በቆመ ቁጥር መኪኖቹ ከፍ ዝቅ ሲሉ አደሩ። ኢንተርኔት ላይ የተንጠለጠለ ሲስተምም አልወድም፤ ኔትወርክ ሲሄድ ገደቡ አብሮ ይሄዳል። የእኛ ቻርጀሮች ኮምፒውተሯን ካጧት በራሳቸው 6 ላይ ይወርዳሉ። መብራት ጠፍቶ ሲመጣም ፍሪጁም ፓምፑም ምጣዱም እኩል ስለሚነሳ መኪኖቹ አስር ደቂቃ ይጠብቃሉ፣ ከዚያ አንድ በአንድ ይገባሉ።

አሁን ያልተፈታችው አንዲት ግራጫ መኪና ናት። አንዴ ካቆሟት ነቅለው ካልሰኳት አትነሳም። ባለቤቷ ሁለት ቀን ጠዋት በባዶ ባትሪ ነጠላ ጫማቸውን አድርገው በሬን አንኳኩ። ፕሮግራሙ ላይ «ይቺን ከ6 በታች አታውርዳት» የሚል መስመር ጨመርኩላቸው። ሰው ሰምቶ ለኔም ይደረግልኝ ማለት ጀምሯል፣ አር ላይ ግን ለሁለተኛ ሰው ቦታ የለኝም።