የተኛው ቀሚስ

ሎንዶን ከገባሁ ሁለተኛ ቀኔ ነው። የሆቴሉ የውሃ ቧንቧ ሌሊቱን ሙሉ ሲያጓራ ስላደረ እንቅልፍ የሚባል አላየሁም። ከኤርፖርት ያመጣኝ ባለታክሲ ደግሞ 90 ፓውንድ ላጥ አድርጎኛል። በባቡር ከዚያ በጣም ባነሰ ዋጋ መምጣት እንደሚቻል የሰማሁት ከከፈልኩ በኋላ ነው። ሙዚየም የገባሁትም ዝናብ ለመሸሽ እንጂ ልብስ ለማየት አልነበረም።

የልብስ ክፍሉ ጨለም ያለ ነው። መብራት የጠፋ መስሎኝ ነበር። ሌሎቹ ቀሚሶች ቆመዋል፤ አንዱ ብቻ የመስታወት ሣጥን ውስጥ በጀርባው ተኝቷል። ለምን ይሆን ብዬ መግለጫውን ላነብ ባጎነብስ ፊደሉ ጉንዳን ሆነብኝ። አጠገቤ የነበሩ አንዲት ሽበታም ሴትዮ ሳልጠይቃቸው ያነቡልኝ ጀመር። ድሮ ልብስ ሰፊ ስለነበሩ መሃል መሃሉን ያስረዱኛል።

“የምሽት ቀሚስ፣ ፈረንሳይ፣ 1925 ገደማ። የሐር ሺፎን ከሐር ገበር ጋር፤ የመስታወት ዶቃና የሚያብረቀርቁ የጄላቲን ክቦች።”

ዶቃው የተሰፋው ቀሚሱ ከመገጣጠሙ በፊት ነው። ሺፎኑ ፍሬም ላይ ይወጠራል፣ ጀርባው ወደ ላይ ይሆናል። ሠራተኛዋ ኪሮሽ በመሰለ ቀጭን መንጠቆ ዶቃ የተሰካበትን ክር ከሥር እየሳበች በሰንሰለት ስፌት ትይዘዋለች። ፊቱን የምታየው ስትገለብጠው ነው። የእናቴን ቀሚስ የጠለፈው ሰውዬ ቢሰማ “ፊቱን ሳያዩ ምን ሥራ ነው?” ይል ነበር። ሥራው ይፈጥናል፣ ግን ክሩ አንድ ቦታ ከተበጠሰ ረድፉ በሙሉ ሊተረተር ይችላል። ከዚያ ትከሻና ጎኑ ተሰፍቶ ወገብ የሌለው ቀጥ ያለ ቀሚስ ይሆናል። ለጃዝ ጭፈራ እንዲመች ነው።

“ያለበት ሁኔታ፦ ሺፎኑ ትከሻው ላይ ተስቧል፤ ገበሩ ተሰነጣጥቋል።”

የመጀመሪያው የዶቃው ክብደት ያመጣው ነው። ቀሚሱ ቢሰቀል ያ ሁሉ መስታወት በሁለት ስስ ትከሻ ላይ ይንጠለጠላል፤ ስለዚህ አስተኙት። የገበሩ ግን የነጋዴ ሥራ ነው። ሐር ተፈጥሯዊ ሙጫው ሲታጠብ እስከ ሩብ የሚደርስ ክብደቱን ያጣል። የሚሸጠው በሚዛን ስለነበር የጎደለውን በቆርቆሮ ጨው ይሞሉት ነበር። ጨርቁ ወፍራምና ከባድ ይመስላል፣ ከዓመታት በኋላ ግን እንደ ደረቅ ቅጠል ይሰነጠቃል። ብርሃን ያባብሰዋል፤ ጨለማው ለዚህ ነው። በርበሬ ውስጥ ቀይ አፈር የሚጨምሩት ነጋዴዎቻችን ትዝ አሉኝ። ባለታክሲውም እንደዚያው።

የመጨረሻዋን መስመር ሴትዮዋ ሳቅ ብለው አነበቧት። “ጀርባው ላይ፣ ከወገብ ከፍ ብሎ፣ የጄላቲን ክቦቹ ቀልጠው ተጣብቀዋል።” ጄላቲን ሙቀትና እርጥበት አይችልም።

“ዝናብ ነው?” አልኳቸው።

መልስ አልሰጡኝም። እጃቸውን አንስተው፣ ዳንስ ላይ ወንድ ሴትን እንደሚይዝ፣ አየር ላይ መዳፋቸውን ዘረጉ።