ነጥቡ ውስጥ ነው፣ ውጭ ነው ወይስ መስመሩ ላይ?

ካርታ ላይ የተሳሉ ጎረቤታሞች ክልሎች ነበሩኝ። እያንዳንዱ ክልል ፖሊጎን ነው፤ በቀጥታ መስመሮች የተዘጋ ቅርጽ ማለት ነው። የእኔ ሥራ አንድ ነጥብ ሲመጣ የትኛው ክልል ውስጥ እንደሚወድቅ የሚናገር ፈንክሽን መጻፍ ነበር።

ዘዴው የታወቀ ነው። ከነጥቡ ወደ ቀኝ አንድ ጨረር እንለቃለን። ጨረሩ የቅርጹን ጎኖች ስንት ጊዜ እንዳቋረጠ እንቆጥራለን። ቁጥሩ ጎዶሎ ከሆነ ነጥቡ ውስጥ ነው፤ ተጋማሽ ከሆነ ውጭ ነው። ጨረሩ ሩቅ ሲደርስ ውጭ እንደሚሆን እርግጠኞች ነን። በመንገዱ ላይ ያቋረጠው እያንዳንዱ ጎን ደግሞ ከውስጥ ወደ ውጭ ወይም ከውጭ ወደ ውስጥ አሻግሮታል። ስለዚህ ቆጠራው ብቻ ከየት እንደተነሳ ይነግረናል።

ይህን መጻፍ ብዙ አያስቸግርም። ጊዜዬን የወሰደው ሌላ ነገር ነው። ጨረሩ ልክ ማዕዘን ላይ ቢያርፍስ? ነጥቡ ራሱ ልክ ጎኑ ላይ ቢቀመጥስ? ብዙ ሰው እነዚህን ብርቅ አጋጣሚዎች አድርጎ ያልፋቸዋል። ኮኦርዲኔቶቹ ድፍን ቁጥር ሲሆኑ ግን በየደቂቃው ይገጥማሉ። ነጥቡና ክልሉ ከአንድ ዳታ ሲመጡም እንዲሁ ነው፤ የአንዱ ክልል ማዕዘን ለሌላው ክልል የሚጠየቅ ነጥብ ይሆናል።

ነገሩን ለማየት አንድ ቅርጽ መረጥኩ። ማዕዘኖቹ (4,0)፣ (8,4)፣ (4,8) እና (0,4) ናቸው። በማዕዘኑ የቆመ ካሬ ነው።

መጀመሪያ ነጥቡ (2,4) ይሁን። በግልጽ ውስጥ ነው። ጨረሩ ወደ ቀኝ ሄዶ (8,4) ላይ ልክ ማዕዘኑን ይመታል። እዚያ ሁለት ጎኖች ይገናኛሉ። የጎንን ጫፍ እንደ ጎኑ አካል ከቆጠርነው ሁለቱም ጎኖች ተቆረጡ ማለት ነው፤ 2 ተጋማሽ ስለሆነ መልሱ «ውጭ» ይሆናል። ጫፍን ጨርሶ ካልቆጠርነው ደግሞ 0 እናገኛለን፤ አሁንም «ውጭ»። ሁለቱም ስህተት ነው።

«እንግዲያው ማዕዘን አንድ ጊዜ ይቆጠር» የሚል ሐሳብ ይመጣል። ነጥቡን (-1,8) እናድርገው። ይህኛው ውጭ ነው። ጨረሩ የቅርጹን አናት (4,8) ነክቶ ያልፋል። አንድ ጊዜ ከቆጠርነው 1 ጎዶሎ ነውና መልሱ «ውስጥ» ይሆናል። ልዩነቱ ይህ ነው፦ (8,4) ላይ ጨረሩ በእርግጥ ከቅርጹ ወጥቷል፤ (4,8) ላይ ግን ነክቶ ብቻ አልፏል። ማዕዘኑን ለብቻው እያየን ይህን መለየት አንችልም። ከማዕዘኑ የሚነሱት ሁለቱ ጎኖች ወዴት እንደሚሄዱ ማወቅ አለብን።

መፍትሔው አጭር ነው። እኔ ያየሁት የኮምፒዩተር ተመራማሪው ራንዶልፍ ፍራንክሊን እ.ኤ.አ. በ1970 በጻፈው PNPOLY በሚባለው ኮድ ውስጥ ነው። አንድ ጎን የሚቆጠረው ከሁለት ጫፎቹ አንዱ ብቻ ከጨረሩ በላይ ሲሆን ነው። «በላይ» ማለት ደግሞ በጥብቅ በላይ ማለት ነው። ልክ በጨረሩ ከፍታ ላይ ያለ ጫፍ እንደ በታች ይቆጠራል። ጨረሩን በሐሳብ በጣም በጥቂቱ ከፍ እንዳደረግነው ያህል ነው፤ ያኔ ምንም ማዕዘን አይነካም።

ወደ (2,4) እንመለስ። ከ(4,0) ወደ (8,4) የሚሄደው ጎን ሁለት ጫፎቹ «በታች» ናቸው፤ አይቆጠርም። ከ(8,4) ወደ (4,8) የሚሄደው አንድ ጫፉ በታች፣ አንዱ በላይ ነው፤ ከነጥቡም በስተቀኝ ነው፤ ይቆጠራል። ከ(4,8) ወደ (0,4) ያለው እንዲሁ ይሻገራል፤ ግን የሚሻገረው x = 0 ላይ ነው፤ ከነጥቡ ግራ ስለሆነ አይቆጠርም። የመጨረሻው ጎን ሁለቱም ጫፎቹ በታች ናቸው። ድምሩ 1፣ መልሱ «ውስጥ»። ለ(-1,8) ደግሞ ከ8 በላይ የሆነ ጫፍ የለም፤ ድምሩ 0፣ መልሱ «ውጭ»። የታችኛውን ማዕዘን ለሚነካው ለ(-1,0) ሁለት ጎኖች ይቆጠራሉ፤ አሁንም «ውጭ»። አግድም የተኛ ጎን ሁለቱ ጫፎቹ እኩል ከፍታ ስላላቸው በራሱ ይወድቃል። ለእሱ የተለየ if መጻፍ አያስፈልግም።

ይህ ሕግ የጨረሩን ችግር ይፈታል። ነጥቡ ራሱ ጎን ላይ ሲሆን ግን ምን ይላል? (0,4)ን ጠይቁት፦ «ውስጥ»። (8,4)ን ጠይቁት፦ «ውጭ»። ሁለቱም የአንድ ቅርጽ ማዕዘን ናቸው። ብዙ ሰው ይህን እንደ ብልሽት ያየዋል። እኔ ግን በጣም የምወደው ባሕርይው ይህ ነው። ከ0 እስከ 8 እና ከ8 እስከ 16 የተዘረጉ ሁለት ጎረቤታም ካሬዎች አሉ እንበል። የጋራ መስመራቸው ላይ ያለው (8,3) በግራው ካሬ «ውጭ» ይባላል፤ በቀኙ «ውስጥ»። ነጥቡ አንድ ባለቤት ብቻ አገኘ። ክልሎችን ለሚያከፋፍል ሰው የሚያስፈልገው ይኸው ነው፤ ሁለት ጊዜ የተቆጠረ ወይም የጠፋ ነጥብ አይኖርም።

አንዳንዴ ግን ጥያቄው ሌላ ነው። «ይህ ነጥብ ድንበሩን ይነካል?» ሲባል «ውስጥ» ወይም «ውጭ» ብሎ መመለስ ሐሰት ነው። ሦስተኛ መልስ ያስፈልጋል። ስለዚህ ሁለቱን ጥያቄዎች ለየኋቸው። መጀመሪያ «መስመሩ ላይ ነው?» ብዬ እጠይቃለሁ፤ ካልሆነ ብቻ ቆጠራው ይቀጥላል። ኮዱ ለድንበር 0፣ ለውስጥ 1፣ ለውጭ -1 ይመልሳል።

```python
def locate(p, poly):
    px, py = p
    inside = False
    for i in range(len(poly)):
        ax, ay = poly[i - 1]
        bx, by = poly[i]
        c = (bx - ax) * (py - ay) - (by - ay) * (px - ax)
        if (c == 0 and min(ax, bx) <= px <= max(ax, bx)
                and min(ay, by) <= py <= max(ay, by)):
            return 0
        if (ay > py) != (by > py) and (c > 0) == (by > ay):
            inside = not inside
    return 1 if inside else -1
```

c ክሮስ ፕሮዳክት ነው። ዜሮ ከሆነ ነጥቡ ከጎኑ ጋር አንድ ቀጥታ መስመር ላይ ነው። ያ ብቻውን አይበቃም፤ መስመሩ ከጎኑ ጫፎች አልፎ ይቀጥላልና። min እና max ያሉበት ቼክ ነጥቡ በሁለቱ ጫፎች መካከል መሆኑን ያረጋግጣል። የ c ምልክት ደግሞ ነጥቡ ከጎኑ ግራ ነው ወይስ ቀኝ የሚለውን ይነግረናል። ስለዚህ ጨረሩ ጎኑን የሚቆርጥበትን x ማስላት ቀረ፤ ማካፈልም አብሮ ቀረ። ግብዓቱ ድፍን ቁጥር ከሆነ ሁሉም ስሌት ድፍን ቁጥር ነው፤ ምንም አይጠጋጋም። በነገራችን ላይ የካርታ ቅርጾች የሚቀመጡበት የፋይል ዓይነት ጂኦጄሰን የመጀመሪያውን ነጥብ መጨረሻ ላይ ይደግመዋል። ይህ ኮድ በዚያ አይረበሽም፤ ርዝመት የሌለው ጎን ምንም አይቆጥርም።

ቴስቱ ላይ ብዙ ሐሳብ አፈሰስኩ። በዓይን አይቶ መፍረድ እዚህ አያዋጣም። በማዕዘኑ ለቆመው ካሬ ከኮዱ ጋር ምንም የማይገናኝ ቀመር አለ፦ |x-4| + |y-4| ከ4 ካነሰ ውስጥ፣ 4 ከሆነ ድንበር፣ ከበለጠ ውጭ። ከ-1 እስከ 9 ያሉትን 121 ድፍን ነጥቦች ሁሉ አስገባሁ። 25 ውስጥ፣ 16 ድንበር፣ 80 ውጭ ወጡ፤ ከቀመሩም ጋር አንድ በአንድ ገጠሙ።

ለሌሎች ቅርጾች እንዲህ ያለ ቀመር የለም፤ ግን የፒክ ቴዎረም አለ። ማዕዘኖቹ ድፍን የሆኑ፣ ራሱን የማያቋርጥና ቀዳዳ የሌለው ፖሊጎን ስፋቱ I + B/2 - 1 ነው። I ውስጥ ያሉት ድፍን ነጥቦች፣ B ድንበሩ ላይ ያሉት ናቸው። በእኛ ቅርጽ 25 + 8 - 1 = 32 ይሆናል፤ ስፋቱም በእርግጥ 32 ነው። የፈለግነውን የተጠማዘዘ ቅርጽ ሠርተን፣ ስፋቱን በሌላ መንገድ አስልተን፣ ነጥቦቹን በ locate ቆጥረን ማወዳደር እንችላለን። አንድ ማዕዘን በስህተት ከተመደበ ቁጥሩ ወዲያው ይዛነፋል። ከዚህ ሌላ የማዕዘኖቹን ቅደም ተከተል ገልብጬ፣ ቅርጹንና ነጥቡን አብሬ በ90 ዲግሪ አዙሬ ሞከርኩ። ሦስት መልስ ያለው ፈንክሽን በዚህ መለወጥ የለበትም። የመስመሩ ጥያቄ የሌለበት ባለሁለት መልሱ ቆጠራ ግን ሲዞር ድንበሩ ላይ ይለወጣል፤ ይህ የሚጠበቅ ነው።

አሁን ወደ አስቸጋሪው ወደ ፍሎት፣ ማለትም ወደ ባለነጥብ ቁጥሮች፣ እንምጣ። ጎኑ ከ(0,0) ወደ (1,3) ይሂድ። ነጥቡ (0.1, 0.3) ይሁን። በወረቀት ላይ ልክ መስመሩ ላይ ነው። ፓይተን ግን 3 * 0.1ን 0.30000000000000004 ስለሚለው c ወደ -5.55e-17 ይወጣል እንጂ ዜሮ አይሆንም። የስሌት ስንፍና ብቻ አይደለም፤ 0.1 እና 0.3 በሁለትዮሽ ሲቀመጡ ትንሽ ስለሚዛነፉ የተቀመጠው ነጥብ ራሱ መስመሩ ላይ የለም።

የተለመደው መድኃኒት c == 0 የሚለውን abs(c) < 1e-9 በሚል መተካት ነው። እኔ ይህን አልመክርም። c ርቀት አይደለም፤ ርቀት ሲባዛ በጎኑ ርዝመት ነው። ስለዚህ አጭር ጎን ላይ መቻቻሉ ሰፊ ይሆናል፤ ረጅም ጎን ላይ ደግሞ በጣም ጠባብ። መቻቻል ካስፈለገ c ለጎኑ ርዝመት ይካፈል፤ ያኔ ገደቡን በሜትር ወይም በፒክስል መናገር ይቻላል። የ min እና max ቼኩም በዚያው መጠን ይስፋ።

ባለሁለት መልሱን ለጎረቤታም ክልሎች በፍሎት የሚጠቀም ሰው ሌላ ጥንቃቄ አለበት። የጋራውን ጎን አንዱ ክልል ከታች ወደ ላይ ይሄድበታል፤ ሌላው ከላይ ወደ ታች። ስሌቱ ከተለያየ ጫፍ ስለሚነሳ ማጠጋጋቱ ሊለያይ ይችላል። ያኔ መስመሩ አጠገብ ያለ ነጥብ ሁለት ባለቤት ሊኖረው ወይም ምንም ባለቤት ላይኖረው ይችላል። ከስሌቱ በፊት የታችኛውን ጫፍ ሁሌ a ማድረግ ይበቃል፤ ሁለቱም ክልሎች አንድ ዓይነት ቁጥር ያያሉ።

እኔ በመጨረሻ የመረጥኩት ኮኦርዲኔቶቹን ሁሉ አስቀድሞ ወደ ድፍን ቁጥር መለወጥን ነው። ዲግሪውን በ10,000,000 አባዝቼ አጠጋጋለሁ። አንዱ አሃድ በኬክሮስ አቅጣጫ 1.1 ሴንቲሜትር ያህል ነው፤ ከስልክ ጂፒኤስ ስህተት በእጅጉ ያንሳል። ነጥቦቹም ክልሎቹም በአንድ ዓይነት መንገድ መጠጋጋት አለባቸው። ፓይተን ውስጥ ድፍን ቁጥር ገደብ ስለሌለው ችግር የለም። ጃቫስክሪፕት ውስጥ ግን ተራው ቁጥር ልክ የሚሆነው እስከ 2^53 ድረስ ብቻ ነው። በዚህ አሃድ የኮኦርዲኔቶቹ ልዩነት ከ6 ዲግሪ ካላለፈ c በዚያ ገደብ ውስጥ ይቆያል፤ ከዚያ ለሚሰፋ ክልል BigInt እጠቀማለሁ።