«162FMJ ነው» ተብሎ የተገዛ ሞተር

ሞተሩ ሰማያዊ ጭስ መትፋት የጀመረው በተገዛ በአራተኛው ወር ነው። ልጁ ቀኑን ሙሉ ዕቃ ሲያደርስ የሚውል የዴሊቨሪ ሠራተኛ ነው፤ በቀን 120 ኪሎ ሜትር ያህል ይነዳል። መጀመሪያ የሞተር ዘይት እየጎደለ በየሳምንቱ መጨመር ጀመረ፤ ቀጥሎ ዳገት ላይ ጉልበት አነሰው። መካኒኩ ካንዴላውን ፈትቶ ሲያይ ጫፉ በዘይት ርሷል። ቴስታታውን ሲያነሳ ደግሞ የፒስተኑ ፋሻ አልቆ ቺሊንደሩ ተፍቋል። ብዙ የሠራ ሞተር ላይ ይህ የተለመደ ነው፤ ዕቃው ካለ በአንድ ቀን ተሠርቶ ይወጣል። ይህኛው ግን 11 ቀን ቆመ።

ሻጩ ሲሸጥለት «ስሙ አይታወቅም ብለህ አትፍራ፣ ሞተሩ 162FMJ ነው፤ መለዋወጫው የትም ሞልቷል» ብሎታል። ልጁም ሞተሩ ላይ የተመታውን ቁጥር በዓይኑ አይቷል። ቁጥሩ እውነት ነው። የመጀመሪያው 1 ባለ አንድ ቺሊንደር መሆኑን፣ 62 የቺሊንደሩን ስፋት በሚሊ ሜትር፣ F በአየር የሚቀዘቅዝ መሆኑን፣ M የሞተር ሳይክል መሆኑን፣ J ደግሞ 150 ሲሲ መሆኑን ይናገራል። የማይናገረው አንድ ነገር አለ፤ የልጁን 11 ቀን የበላውም እሱ ነው።

በዚሁ ቁጥር የሚጠሩ ሁለት ዓይነት ሞተሮች አሉ። አንዱ የሆንዳ ሲጂ125ን አሠራር የተከተለ ነው፤ ካምሻፍቱ ታች ሆኖ ባልቦላዎቹን በረጃጅም ዘንጎች ወደ ላይ እየገፋ ይከፍታል። ሌላው ሲቢ የሚባለው ነው፤ ካምሻፍቱ ላይ ቴስታታው ውስጥ ተቀምጦ በቀጭን ሰንሰለት ይዞራል። የሁለቱም ፒስተን 62 ሚሊ ሜትር ይሁን እንጂ አንዱ ቺሊንደር ዘንግ የሚያልፍበት፣ ሌላው ሰንሰለት የሚያልፍበት ክፍተት ስላለው አይለዋወጡም።

ልጁ ሱቅ ሄዶ «የ162FMJ ቺሊንደር ከነፒስተኑ» አለ። ባለሱቁ የሰጠው በብዛት የሚሸጠውን የሲጂውን ነበር። መካኒኩ አዲሱን ጓርኒሲዮን አንሥቶ በተፈታው ሞተር አፍ ላይ ሲያስቀምጠው የሰንሰለቱ መውጫ በግማሽ ተሸፈነ።

«ወንድሜ፣ ይሄ የሌላ ሞተር ነው» አለው።

«ቁጥሩ እኮ አንድ ነው!»

«ቁጥሩ አንድ ነው፤ ሆዱ ግን ሌላ ነው።»

ሁለተኛ ጊዜ የሲቢ ቺሊንደር ተገኘ፤ ፒስተኑን ከቢዬላው ጋር የሚያያይዘው ፒን ግን ውፍረቱ የተለየ ሆነ። አንዳንድ አምራቾች ይህን መጠን ስለሚቀያይሩት፣ አሮጌውን ፒስተን ከነፒኑ ይዞ ሄዶ ከአዲሱ ጋር ሳያስተያዩ መግዛት ገንዘብ ማባከን ነው። ትክክለኛው የመጣው በትእዛዝ ነው።

ሲጂና ሲቢን ለመለየት ሞተር መፍታት አያስፈልግም። ከቺሊንደሩ በስተኋላ፣ በካርቡሬተሩ በኩል ጎንበስ ብሎ ማየት ይበቃል። እዚያ በቡሎን የታሰረች ትንሽ የሰንሰለት መወጠሪያ ካለች ሲቢ ነው፤ ሲጂ ሰንሰለት ስለሌለው መወጠሪያም የለውም። ያገለገለ ሞተር ሊገዛ የቆመ ሰው ይህን በግማሽ ደቂቃ ማየት ይችላል።

ልጁ ይህን ሞተር የመረጠበት ሌላ ምክንያት ነዳጅ ነበር። አብሮ ቀርቦለት የነበረው ባጃጅ ቦክሰር 150 በሊትር 40 ኪሎ ሜትር ያህል እንደሚሄድ ባለቤቱ ነግሮታል። ይህኛውን ግን ልጁ ራሱ ሞክሮት ነበር፦ ታንኩን አፉ ድረስ ሞላ፣ ቆጣሪው 120 ኪሎ ሜትር እስኪቆጥር ነዳ፣ መልሶ እዚያው ልክ ድረስ ሲሞላ 2.7 ሊትር ገባ። ከ44 ኪሎ ሜትር በላይ በሊትር መሆኑ ነው። ከሙሉ እስከ ሙሉ መለካቱ ትክክል ነው፤ ስህተቱ ቆጣሪውን ማመኑ ላይ ነው።

ሞተሩ ቆሞ ሳለ መካኒኩ የፊት ጎማውን አየት አድርጎ ከፋብሪካው መጠን ያነሰ መሆኑን ነገረው። የፍጥነት ቆጣሪው ገመድ የሚዞረው ከፊት ጎማ ነው። ጎማው ሲያንስ ለአንድ ኪሎ ሜትር ከሚገባው በላይ ይቆጥራል፤ ገመዱን የሚያዞረው ጥርስ ከሌላ ሞዴል ሲገጠምም ቆጣሪው ይሳሳታል። ከጥገናው በኋላ በስልክ ካርታ ሲለካ ቆጣሪው 120 ያለው መንገድ 108 ሆኖ ተገኘ። 108ን ለ2.7 ማካፈል 40 ይሰጣል። ከቦክሰሩ ይበልጣል የተባለው ነዳጅ ቁጠባ ከመጀመሪያውም አልነበረም።

ቁጠባው እውነት ቢሆን ኖሮስ? በቀን 120 ኪሎ ሜትር ለሚነዳ ሰው በ40 እና በ45 መካከል ያለው ልዩነት በቀን አንድ ሦስተኛ ሊትር ነው። የአንድ ቀን የተጣራ ገቢው 10 ሊትር ቤንዚን ይገዛል ብንል፣ የ11 ቀን መቆም 110 ሊትር ያስከፍለዋል። ያንን በሲሶ ሊትር ለመመለስ 330 የሥራ ቀን መንዳት አለበት። ለዴሊቨሪ ሥራ መለዋወጫን ከነዳጅ ማስቀደም የሚገባው በዚህ ሂሳብ ነው። ነዳጅ የሚወስነው ሁለት ሞተሮች በመለዋወጫ ከተስተካከሉ በኋላ ነው።

ልጁ ያንን ሞተር ሸጦ ሁለተኛውን ሲገዛ ቅደም ተከተሉን ገለበጠው። መጀመሪያ ዕቃ አድራሾች የሚቆሙበት ቦታ ሄዶ የትኛው ሞዴል እንደሚበዛ ቆጠረ፤ ብዙ ሰው የሚነዳው ሞተር አዲስ ዕቃው ሲጠፋ እንኳ ከተፈታ ሞተር ይገኛል። ቀጥሎ ያሰበውን ሞዴል ሙሉ ስምና የሞተር ቁጥር ጽፎ ሦስት ሱቅ ገባ። «ቦክሰር» ብቻ ብሎ መጠየቅ አይበቃም፤ የ100ውና የ150ው ቺሊንደር የተለያየ ነው። የጠየቃቸው አምስት ዕቃዎች ናቸው፦ ቺሊንደር ከነፒስተኑ፣ የፍሪሲዮን ሸራ፣ የካንዴላውን እሳት የሚያስነሳው ሲዲአይ፣ ካርቡሬተር፣ ሰንሰለት ከነጥርሶቹ። «እናስመጣለን» የተባለውን እንደሌለ ቆጥሮ መደርደሪያ ላይ ያየውን ብቻ መዘገበ። ሲዲአዩን ሲጠይቅ በመካኒኩ ምክር ከማግኔት ነው ወይስ ከባትሪ ኃይል የሚወስደው ብሎ አጣራ፤ ሶኬቱ ቢገጥምም ዓይነቱ ከተለየ ሞተሩ አይነሳም።

አምስቱም በሁለት ሱቅ የተገኙለትን ሞተር ገዛ። ነዳጁን በስልክ ካርታ ሲለካ በሊትር 42 ኪሎ ሜትር ሆነ፤ ይህን ቁጥር በየሁለት ሳምንቱ እየለካ ደብተር ላይ ይጽፋል። አንድ ጊዜ ወደ 37 ወረደበት። የጎማው ንፋስ ልክ ነበር፣ የአየር ማጣሪያውም ንጹሕ። የኋላ ጎማውን ከመሬት አንሥቶ በእጁ ሲያሽከረክረው ግን ግማሽ ዙር ሳይሞላ ቆመ፤ ፍሬኑ ከልክ በላይ ተጠብቆ ሸራው ከበሮውን ይዞት ነበር። ማስተካከያ ዳዶውን ሁለት ዙር አላላው።