ብድር ሽያጭ ሆኖ ሲቆጠርብኝ ቅሬታውን እንዴት እንደጻፍኩ

ኅዳር 6 ቀን 2014 ዓ.ም. የግብር ውሳኔው ደረሰኝ። እኔና ባለቤቴ አዲስ አበባ ውስጥ የበርና መስኮት ብረት የሚሠራ ትንሽ ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር አለን። የ2011 ሒሳባችን ኦዲት ተደርጎ ነበር። ውሳኔውን ገልጬ ሳይ 1,200,000 ብር «ያልተገለጸ ሽያጭ» ተብሎ ተጽፏል። ትርፍ ግብሩ በ30 በመቶ 360,000 ብር፣ ቫቱ በ15 በመቶ 180,000 ብር። መቀጫና ወለዱ ሳይቆጠር 540,000 ብር ማለት ነው።

ያ ገንዘብ ሽያጭ አልነበረም። ጥር 2011 ላይ ማሽን ለመግዛት የባለቤቴ ወንድም ያበደረን ነው። ኦዲተሩ የባንክ ስቴትመንታችንን ከሽያጭ ደረሰኞቻችን ጋር አስተያየ። ደረሰኝ ያልተቆረጠለትን ገቢ ሁሉ ሽያጭ አለው። ውሉን ሳሳየው «ውልና ማስረጃ አልጸደቀም፣ አልቀበልም» አለኝ።

የመጀመሪያዎቹን ስድስት ቀናት በንዴት አባከንኩ። ለቅሬታ የተሰጠው ጊዜ ውሳኔው ከደረሰበት ቀን ጀምሮ 21 ቀን ብቻ ነው። ይህን የሚለው የታክስ አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 983/2008 ነው። በሰባተኛው ቀን ቁጭ ብዬ አራት ገጽ ጻፍኩ። ስለ ሠራተኞቼ ደመወዝ፣ ስለ ብረት ዋጋ መናር፣ ግብር በታማኝነት ስንከፍል ስለመኖራችን ዘረዘርኩ። ሰፈራችን ውስጥ ጡረታ የወጡ የግብር ኦዲተር አሉ። ወረቀቱን ይዤ ሄድኩ። መነጽራቸውን አድርገው እስከ ሁለተኛው ገጽ አነበቡና መለሱልኝ።

«ልጄ፣ ይሄ የምሕረት ልመና ነው። ቅሬታ ማለት የቱ ቁጥር እንደተሳሳተ፣ ለምን እንደተሳሳተ፣ ስንት መሆን እንደነበረበት መናገር ነው። ያን ያህል ነው።»

ከዚያ የጠየቁኝ ጥያቄ ደግሞ አስደነገጠኝ። «ከውሳኔው ውስጥ የምታምነው ነገር አለ?» አዎ፣ ነበረ። ደረሰኝ ያላገኘንለት 85,000 ብር ወጪ ውድቅ ተደርጎብን ነበር። ልክ ናቸው። «እንግዲያው የዚያን ግብር ዛሬውኑ ክፈል» አሉኝ። ቅሬታ ያልቀረበበት የግብር ክፍል ካልተከፈለ ቅሬታው እንደቀረበ አይቆጠርም። እኔ ሁሉንም በጅምላ ልቃወም ነበር። በማግስቱ 25,500 ብር ከፍዬ ደረሰኙን ከማመልከቻው ጋር አያያዝኩት።

አዲሱ ደብዳቤ ሁለት ገጽ ሆነ። መግቢያው ላይ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥራችን፣ የውሳኔው ቁጥርና የደረሰን ቀን፣ የሒሳብ ዘመኑ ተጻፈ። ከዚያ ዋናው አንቀጽ እንዲህ ይላል፦

«የተከራከርንበት 1,200,000 ብር በውል የተወሰደና የሚመለስ ዕዳ ነው። ገንዘቡን ስንቀበል እኩል የሆነ ዕዳ ስለገባን ማኅበሩ ያገኘው ትርፍ የለም። ለአበዳሪው የሸጥነው ዕቃም ሆነ የሰጠነው አገልግሎት ስለሌለ ተጨማሪ እሴት ታክስ የሚጣልበት ግብይት አልተፈጸመም። ስለዚህ 360,000 ብር የትርፍ ግብርና 180,000 ብር ቫት፣ ከነመቀጫቸውና ወለዳቸው እንዲሰረዙ እንጠይቃለን።»

ቫቱን ለይቼ መጻፌ የጡረተኛው ምክር ነው። ብዙ ሰው ስለ ትርፍ ግብሩ ብቻ ተከራክሮ ቫቱን ይረሳዋል፤ ሁለቱ ግን የየራሳቸው ስሌት አላቸው።

ውሉን በተመለከተ መልሱ ያለው ፍትሐ ብሔር ሕጉ ውስጥ ነው። ቁጥር 2472 ከ500 ብር በላይ የሆነ ብድር በጽሑፍ፣ ወይም ፍርድ ቤት በሚሰጥ እምነት ወይም መሐላ ካልሆነ አይረጋገጥም ይላል። ቁጥር 1727 ደግሞ በጽሑፍ የሚደረግ ውል ተዋዋዮቹ እንዲፈርሙበትና በሁለት ምስክሮች ፊት እንዲረጋገጥ ያዛል። የኛ ውል በእጅ የተጻፈ ቢሆንም የእኛም የአበዳሪውም ፊርማ፣ የሁለት ምስክሮችም ፊርማ አለው። ስለዚህ ውልና ማስረጃ አለመጽደቁ ብቻውን ውድቅ ሊያደርገው እንደማይገባ ጻፍኩ። እርግጥ ቢጸድቅ ኖሮ ይህ ሁሉ ክርክር አያስፈልግም ነበር። የጸደቀ ውል ቀኑን ማንም አይጠራጠርም። በእጅ የተጻፈን ውል ግን «ኦዲቱ ሲመጣ ነው የጻፋችሁት» ማለት ይቻላል።

ይህን ጥርጣሬ የሚያጠፋ ማስረጃ ፈለግሁ። ያገኘሁት እዚያው ግብር መሥሪያ ቤት ነው። ለ2011 ግብር ስናሳውቅ ባስገባነው የሒሳብ ሚዛን ላይ ዕዳው አለ፤ ከኦዲቱ ሁለት ዓመት በፊት ማለት ነው። ችግሩ ሒሳብ ሠራተኛችን «ልዩ ልዩ ተከፋይ» በሚል ርዕስ፣ የአበዳሪው ስም ሳይጠቀስ ከሌሎች ዕዳዎች ጋር ደባልቆት ነበር። ኦዲተሩ ቢያልፈው አልፈርድበትም። ዝርዝሩን ከሌጀር አውጥተን በስም፣ በቀንና በመጠን አያያዝን። በ2012 እና በ2013 በባንክ የመለስንለትን የሦስት ጊዜ ክፍያም ጨመርን። ሽያጭ ቢሆን ኖሮ ገንዘቡን ለገዢው መልሰን የምንከፍልበት ምክንያት የለም።

ከባዱ የጥሬ ገንዘቡ ጉዳይ ነበር። ከ1,200,000 ብሩ ውስጥ 800,000 ብሩ ከአበዳሪው ሒሳብ ወደ ማኅበሩ ሒሳብ በቀጥታ ተላልፏል። ስቴትመንቱ ላይ ስሙ አለ። የቀረውን 400,000 ብር ግን በጥሬው ሰጥቶኝ እኔ ራሴ ነኝ ያስገባሁት። ዲፖዚት ስሊፑ ላይ ያለው የኔ ስም ነው። ከደንበኛ የሰበሰብኩት ጥሬ ገንዘብም ቢሆን መልኩ ይኸው ነው።

ለባለቤቴ ወንድም ደወልኩና የዚያን ወር ስቴትመንቱን እንዲያወጣልኝ ለመንኩት። የራሱን ሒሳብ ለግብር ሰዎች ማሳየት ቀላል ነገር አይደለም፤ እሱ ግን «አንተ ብቻ ዳን» ብሎ በማግስቱ ማኅተም አስመትቶ አመጣልኝ። ሁለቱን ወረቀት ጎን ለጎን ጠረጴዛ ላይ ዘረጋን። እሱ 350,000 ብር ያወጣበት ቀንና እኔ ያስገባሁበት ቀን አንድ ነው፤ ቅርንጫፉም አንድ ነው። ሁለቱን መስመሮች በቀይ እስክሪብቶ አከበብን። የቀረው 50,000 ብር ግን ከቤቱ ያወጣው ነው። ወረቀት የለውም።

ማመልከቻውን ኅዳር 23 መዝገብ ቤት አስገባሁ፤ ቀነ ገደቡ ሊያልቅ አራት ቀን ሲቀረው። በቅጂዬ ላይ ማኅተምና ቀን አስመታሁ። በጊዜው ማቅረቤን የሚያረጋግጥልኝ ያ ቅጂ ነው። ቅሬታ አጣሪ ክፍሉ በ180 ቀን ውስጥ ካልወሰነ በቀጥታ ወደ ታክስ ይግባኝ ኮሚሽን መሄድ ይቻላል። እኛን በአራተኛው ወር ጠሩን። አበዳሪውም አብሮኝ መጣ፤ በሒሳቡ ላይ ጠየቁት፣ መለሰ።

ውሳኔው የመጣው ከዚያ ሦስት ሳምንት ቆይቶ ነው። 1,150,000 ብሩ ብድር ነው ተብሎ ከግብሩም ከቫቱም ወጣ። 50,000 ብሩ ማስረጃ ስላልቀረበበት ሽያጭ ሆኖ ጸና። 15,000 ብር ግብር፣ 7,500 ብር ቫት፣ ከመቀጫው ጋር። በግብር ክርክር የማስረዳት ሸክሙ የግብር ከፋዩ ነው። ስለዚህ ውሳኔው ቢያመኝም ስህተት ነው ማለት አልቻልኩም። ይግባኝ ለማለት 30 ቀን ነበረኝ፤ የተከራከርኩበትን ግብር ግማሽ ማስያዝም ግድ ነው። የምጨምረው ወረቀት ስላልነበረኝ ከፈልኩት።

ባለፈው ዓመት ያው የባለቤቴ ወንድም እንደገና አበደረን። ውሉን ውልና ማስረጃ አጸደቅነው። ገንዘቡ በሙሉ ከሒሳቡ ወደ ሒሳባችን ተላለፈ፣ ምክንያቱ ላይ «ብድር» ተብሎ። ሒሳብ ሠራተኛችንም ሌጀሩ ላይ በስሙ የራሱ ገጽ ከፍቶለታል።