የጨዋታ ክሊፖች ስም አወጣጥ፦ ዋናው ጣጣ ሰዓቱ ነው

የዘንድሮው የወረዳዎች ውድድር ክሊፖች በሙሉ መልክ ያዙ። አሰልጣኝ ደውሎ «የሁለተኛውን አጋማሽ የማዕዘን ምቶች ላክልኝ» ሲል ቪዲዮ ሳይከፈት ከስማቸው ብቻ ተለይተው ይወጣሉ። እዚህ የደረሰውን አሠራር ላካፍላችሁ። ግማሹ ስለ ሰዓት ነው፤ የሚያደክመውም እሱ ስለሆነ ነው።

መጀመሪያ ቶሎ የሚያልቀውን እንጨርስ። ለእያንዳንዱ ጨዋታ አንድ ፎልደር ይከፈታል፤ ስሙ ቀኑና ሁለቱ ቡድኖች ናቸው። ቀኑ በእኛ አቆጣጠር ይሁን ከተባለ ሁሉም በእኛ ይሁን። ጥር 18 ቀን 2017ን 2017-05-18 ብላችሁ ስትጽፉ፣ በፈረንጅ አቆጣጠር ለለመደ ሰው ግንቦት ወር ላይ የተደረገ የድሮ ጨዋታ ይመስለዋል፤ ካሜራው ደግሞ ያንኑ ቀን 2025-01-26 ብሎ መዝግቦታል። ሁለቱ አንድ ዲስክ ላይ ከተደባለቁ መልሶ መለየት ፈተና ነው። የቡድን ምልክት ስታወጡም የመጀመሪያዎቹን ፊደላት አትውሰዱ። ደብረ ብርሃንም ደብረ ሲናም «ደብ» ናቸው። «ብር» እና «ሲና» ይበቃሉ።

ካሜራው ቀረጻውን ቆራርጦ ከሆነ ማንኛውም ክሊፕ ከመውጣቱ በፊት ይቀጠል። ብዙ ካሜራዎች ፋይሉ 4 ጊጋባይት ሲሞላ ሌላ ፋይል ይከፍታሉ፤ የእያንዳንዱ ፋይል ሰዓት ከዜሮ ይጀምራል። የጎፕሮ ስሞች ደግሞ ያሳስታሉ፦ GX010034 ቀጥሎ የሚመጣው ክፍል GX020034 ነው እንጂ GX010035 አይደለም። መሃል ያሉት ሁለት አኃዞች የክፍሉ፣ የመጨረሻዎቹ አራቱ የቀረጻው ቁጥር ናቸው። በስም ቅደም ተከተል ከተቀጠሉ የአንዱ ጨዋታ ግማሽ ሌላው ውስጥ ይገባል። የፋይሎቹን ስም በትክክለኛ ተራቸው list.txt ውስጥ አንድ በአንድ መስመር ጽፋችሁ፦

```
file 'GX010034.MP4'
file 'GX020034.MP4'
```

ከዚያ ffmpeg በሚባለው የቪዲዮ ፕሮግራም፣ በትእዛዝ መስኮት ላይ ይህን ማዘዝ ነው፦

```
ffmpeg -f concat -safe 0 -i list.txt -c copy mulu.mp4
```

ጥራቱ አይነካም፤ እንደ አዲስ ስለማይጨመቅ ጊዜም አይፈጅም። ከዚህ በኋላ አንድ ፋይልና አንድ ሰዓት አለን።

አሁን ወደ ዋናው። የቀረጻ ሰዓት እና የጨዋታ ደቂቃ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ ክሊፕ ላይ አንዱን ብቻ መጻፍ ሁልጊዜ ኋላ ያስቸግራል። የቀረጻ ሰዓቱ ክሊፑን ከረጅሙ ቪዲዮ ውስጥ መልሶ ለማግኘት ይጠቅማል። አሰልጣኙና ተጫዋቹ የሚያወሩት ግን በጨዋታ ደቂቃ ነው። ሁለቱን የሚያገናኙት ሁለት ቁጥሮች ናቸው፦ የመጀመሪያው አጋማሽ የተጀመረበት እና ሁለተኛው አጋማሽ የተጀመረበት የቀረጻ ሰዓት። ሌላ ምንም አይፈለግም።

በምሳሌ እንሂድ። ካሜራው ከጨዋታው በፊት ስለተከፈተ የመጀመሪያው ምት 00:06:40 ላይ ተመታ። ሁለተኛው አጋማሽ 01:11:15 ላይ ተጀመረ። ደብረ ሲና ጎል ያገባው በቀረጻው 01:29:52 ላይ ነው። ስንተኛ ደቂቃ ነው? ብዙ ሰው የመጀመሪያውን ምት ይቀንስና 83 ደቂቃ ከ12 ሰከንድ ያገኛል፤ «በ84ኛው ደቂቃ» ብሎ ይጽፋል። ስህተት ነው። የዕረፍቱና የባከነው ሰዓት ተደምሮበታል። መቀነስ ያለበት 01:11:15 ነው፤ 18 ደቂቃ ከ37 ሰከንድ ይቀራል። 45 ሲደመርበት 63፡37 ይሆናል። በእግር ኳስ የሚጻፈው ደግሞ እየሄደ ያለው ደቂቃ እንጂ ያለቀው አይደለም፤ ስለዚህ 64ኛው ደቂቃ። ሃያ ደቂቃ የሚጠጋ ልዩነት ነው፤ ከዳኛው ሪፖርት ጋር ሲነጻጸር ወዲያው ይታወቃል።

የባከነ ሰዓት ሌላው ወጥመድ ነው። በቀረጻው 00:53:28 ላይ ጎል ቢገባ፣ 00:06:40 ሲቀነስ 46፡48 ነው፤ ማለትም 45+2። ይህን «47» ብላችሁ ብቻ ከጻፋችሁ ከሁለተኛው አጋማሽ 47ኛ ደቂቃ ጋር ይጋጫል። መፍትሔው የአጋማሹን ቁጥር ከፊት ማድረግ ነው፦ 1-047 እና 2-047። የመደመር ምልክት ስም ውስጥ ማስገባት አያስፈልግም፤ አጋማሹ 1 ሆኖ ደቂቃው ከ45 ከበለጠ የባከነ ሰዓት መሆኑ ግልጽ ነው። ደቂቃው ሁልጊዜ ሦስት አኃዝ ይሁን። ጨዋታው ወደ ጭማሪ ሰዓት ሄዶ 105 ላይ ሲደርስ፣ በሁለት አኃዝ የተጻፈ 98 ብዙ ፕሮግራሞች ላይ ከ105 በኋላ ይሰለፋል። የጭማሪው ሰዓት አጋማሾች 3 እና 4፣ የመለያ ምቶች 5 ናቸው።

የመጀመሪያውን ምት በድምፅ ሞገድ ላይ ፊሽካ እያደኑ መፈለግ ይመከራል፤ ደብረ ብርሃን ላይ ግን አይሠራም። ነፋሱ ማይኩን ሲመታው ሞገዱ ከዳር እስከ ዳር አንድ ወጥ ጥቁር ይሆናል። ኳሷ ከመሃል ሜዳ የተንቀሳቀሰችበትን ምስል ያዙ፤ የአንድ ሰከንድ ስህተት ምንም አይጎዳም።

ባትሪ ለመቀየር ቀረጻው መሃል ላይ ተቋርጦ ከሆነ ሌላ ሒሳብ ይመጣል፤ ከማቋረጡ በኋላ ያሉት ደቂቃዎች በሙሉ ያንሳሉ። ማወቂያው ቀላል ነው፦ የአጋማሹ ማብቂያ ፊሽካ የተሰማበትን ደቂቃ አስሉ። በመጀመሪያው አጋማሽ ከ45፣ በሁለተኛው ከ90 ካነሰ የጠፋ ቀረጻ አለ ማለት ነው። ያን ጊዜ ዳኛው ካሳየው የባከነ ሰዓት ተነስታችሁ የጎደለውን ገምቱና፣ ከማቋረጡ በኋላ ላሉት መስመሮች ከአጋማሹ መጀመሪያ ሰዓት ላይ ያንኑ ያህል ቀንሱ።

ይህን ሁሉ በእጅ አስሉ አልልም። ኤክሴል ላይ H1 የመጀመሪያውን ምት፣ H2 የሁለተኛውን አጋማሽ መጀመሪያ ይይዛል፤ A የቀረጻ ሰዓት፣ B አጋማሽ ነው። C ደቂቃውን ያወጣል፦

```
=INT(ROUND((A2-IF(B2=1,$H$1,$H$2))*86400,0)/60)+1+IF(B2=1,0,45)
```

ቀመሩ ለመደበኛው 90 ደቂቃ ነው። ሰዓቱን ሙሉ አድርጋችሁ ጻፉ። 29:52 ብላችሁ ካስገባችሁ ኤክሴል 29 ሰዓት ከ52 ደቂቃ ብሎ ይወስደዋል፤ ትክክለኛው 0:29:52 ነው። ከላይ ባለው ምሳሌ 24ኛ ደቂቃ መሆን የነበረበት 1786 ብሎ ሲመጣ ምክንያቱ ይኸው ነው።

ከዚያ D ቡድን፣ E ድርጊት፣ F የማሊያ ቁጥር ናቸው። ስሙን የሚገጥመው እንዲህ ነው፦

```
=B2&"-"&TEXT(C2,"000")&"-"&TEXT(A2,"hhmmss")&"_"&D2&"_"&E2&"_"&TEXT(F2,"00")
```

የደብረ ሲናው ጎል 2-064-012952_ሲና_ጎል_09 ይሆናል። ሁለት ነጥብ አለመኖሩን ልብ በሉ፤ ዊንዶውስ በፋይል ስም ውስጥ አይቀበለውም። ሰዓቱ ደግሞ ኳሷ መስመር ያለፈችበት ሰዓት እንጂ ክሊፑ የሚጀምርበት አይደለም። ነገ «ከኳስ ቅብብሉ ጀምረህ ቁረጠው» ቢባል ክሊፑ ይረዝማል፣ ስሙ ግን አይነካም። በዚህ ጉዳይ አልደራደርም፦ ስም ውስጥ የሚገባው የማይለወጥ ነገር ብቻ ነው። «ምርጥ»፣ «የመጨረሻ»፣ «የመጨረሻ2» የሚባሉ ቃላት ሰንጠረዡ ውስጥ የራሳቸው ዓምድ ይኑራቸው። የተጫዋች ስምም እንዲሁ። ግን ማሊያ በሚዋዋሱበት የወረዳ ውድድር የዛሬው 9 ቁጥር በሚቀጥለው ሳምንት ሌላ ልጅ ነው፤ ስለዚህ የቁጥርና የስም ዝርዝሩ በየጨዋታው ፎልደር ውስጥ ይቀመጥ።

የድርጊት ቃላት ከዝግ ዝርዝር ብቻ ይመረጡ፦ ጎል፣ ሙከራ፣ ማዕዘን፣ ቅጣት፣ ፍጹም፣ ቢጫ፣ ቀይ፣ በራሱ። አንዱ «ጎል»፣ ሌላው «ጐል»፣ ሦስተኛው «ግብ» ብሎ ከጻፈ ኮምፒውተሩ ሦስት የተለያየ ነገር ነው የሚያየው፤ «ፍጹም» ተብሎ ሲፈለግ «ፍፁም» አይመጣም። ሰው ተጠንቅቆ እንዲጽፍ መንገር ዋጋ የለውም፤ ኤክሴል ላይ በዳታ ቫሊዴሽን ተመርጦ ብቻ የሚገባ አድርጉት። በረኛ ያዳነው ኳስ የማን ክሊፕ ነው የሚለው ክርክር እስካሁን አላለቀም። እኔ በአጥቂው ቡድን «ሙከራ» ብዬ አንድ ፋይል ብቻ እይዛለሁ፤ የበረኛው ቁጥር ሰንጠረዡ ላይ ይገባል። አንድን ክሊፕ በሁለት ስም መገልበጥ ዲስኩንም ሰውንም ያደናግራል። የስብሰባ ቀረጻ ለምትቆርጡም ያው ነው፤ በአጋማሹ ቦታ የአጀንዳ ቁጥር ይገባል፣ ደቂቃው ይቀራል።

መቁረጡ የመጨረሻ ነው። ከድርጊቱ 12 ሰከንድ በፊት ጀምሮ 8 ሰከንድ በኋላ ማብቃት ለአብዛኛው ይበቃል። 01:29:52 በሰከንድ 5392 ነው፤ የመጀመሪያው መስመር የትእዛዝ መስኮቱ አማርኛውን በትክክል እንዲያነብ ነው፦

```
chcp 65001
ffmpeg -ss 5380 -to 5400 -i mulu.mp4 -c copy 2-064-012952_ሲና_ጎል_09.mp4
```

ለእያንዳንዱ መስመር ትእዛዙን ራሱ ኤክሴል እንዲገጥመው አድርጋችሁ አንድ .bat ፋይል ውስጥ መለጠፍ ይቻላል። ፋይሉ UTF-8 ሆኖ ካልተቀመጠ አማርኛው ወደ ጥያቄ ምልክት ይለወጣል፤ ዊንዶውስ ደግሞ የጥያቄ ምልክት ያለበትን ስም ስለማይቀበል ትእዛዙ ይወድቃል። በ -c copy የተቆረጠ ክሊፕ ከታዘዘው ጥቂት ሰከንድ ቀድሞ ቢጀምር አትደንግጡ። ሳይጨመቅ የሚቆረጠው ሙሉ ምስል ከተቀመጠበት ቦታ ጀምሮ ብቻ ነው፤ ያ ደግሞ እንደ ቀረጻው ከአንድ እስከ አሥር ሰከንድ ሊራራቅ ይችላል። ለማኅበራዊ ሚዲያ እንከን የለሽ አጀማመር ከፈለጋችሁ ያንን አንዱን ብቻ እንደገና ጨምቁት።

በቴሌግራም ስትልኩ «ፋይል» አድርጋችሁ ላኩ። እንደ ቪዲዮ ከተላከ ይጨመቃል፣ ስሙም ተቀባዩ ጋ ሳይደርስ ሊቀር ይችላል። ጣርማበር ወይም ደብረ ሲና ላይ ጉሙ ሲወርድ ደግሞ የማሊያ ቁጥር አይታይም። ያኔ ገምቶ 07 ከመጻፍ 00 ይጻፍ፤ 00 ያለባቸውን ለብቻ ፈልጎ ሜዳ ላይ የነበረን ሰው መጠየቅ ይቻላል፣ ተገምቶ የተጻፈን 07 ግን ከእውነተኛው የሚለየው ነገር የለም።