የሳምቡሳዋ ጥግ

ዛሬ ሆድ ብሶኛል። ለምን እንደሆነ አትጠይቁኝ፣ ምክንያት የለውም። ዝናቡ ይሆናል፣ ወይም ያው የቤት ኪራይ ጣጣ። ከሥራ ስወጣ የታክሲው ሰልፍ ረጅም ስለነበር ጥግ ላይ ያለችው ሻይ ቤት ገባሁና ሻይና የምስር ሳምቡሳ አዘዝኩ። ሳምቡሳዋን አንዴ ገመጥኳትና መልሼ ሰሃኑ ላይ አስቀመጥኳት። ከዚያ ዝም ብዬ ማየት። አንዱ ጥጓ ሄዷል፣ ግን በሄደው ቦታ ግራና ቀኝ ሁለት አዲስ ሹል ወጥቶላታል። አስቡት፣ አንድ ተነሥቶላት በአንድ በለጠች።

በቃ፣ ሐሳቤ እዚያው ክፍሌ ገባ።

ሰሞኑን ከማስተምራቸው ልጆች ጋር ቅርጽ ላይ ነን። የአራት ዓመት ልጆች ናቸው። ግድግዳችን ላይ የተለጠፈው ሥዕል ላይ ያለው ሦስት ማዕዘን ሁሌም አንድ ዓይነት ነው፤ ሦስቱም ጎኑ እኩል፣ ሹሉ ወደ ላይ፣ ከታች ደልደል ብሎ የተቀመጠ። ልጆቹ ያንን ሥዕል በደንብ ያውቁታል። ግን የሚያውቁት የእናታቸውን ፊት በሚያውቁበት መንገድ ነው፣ ቆጥረው አይደለም። ወረቀቱን ገልብጬ ሹሉን ወደ ታች ሳደርገው «ሚስ፣ ተበላሸ» ይሉኛል። ቀጠን፣ ረዘም ያለ ስስልላቸው ደግሞ «ይሄ ጦር ነው» ነው መልሱ። ጎኑ ጎበጥ ጎበጥ ያለውን ግን ሹሉ ወደ ላይ እስከሆነ ድረስ ያለምንም ጥያቄ ይቀበሉታል። የልጆቹ ጥፋት አይደለም። ፒየርና ዲና ቫን ሂሌ የሚባሉ የኔዘርላንድ መምህራን፣ ባልና ሚስት ናቸው፣ እ.ኤ.አ. በ1957 ይህንኑ ነገር ጽፈውታል፤ ሰው ቅርጽን መጀመሪያ የሚለየው በጠቅላላ መልኩ ነው፣ ጎኑንና ማዕዘኑን ማየት የሚመጣው ቀጥሎ ነው፣ ያ ደግሞ ዕድሜ ስለጨመረ ብቻ ሳይሆን ስለተማረ ነው የሚመጣው። እኔን የሚያሳስበኝም ያ መሻገሪያ ነው። ከ«ይመስላል» ወደ «ቆጠርኩት»።

ለዚህ ከሁሉ በላይ የረዳኝ ላስቲክ ነው። ያው ሴቶች ልጆች ግቢ ውስጥ የሚዘሉት ላስቲክ፣ ጫፍና ጫፉ የተቋጠረ። ሦስት ልጆች ውስጡ ይገቡና ወገባቸው ላይ በጀርባቸው በኩል ያደርጉታል። ከዚያ ቀስ እያሉ ወደ ኋላ፣ ላስቲኩ እስኪወጠር። በእጅ እንዲይዙት አላደርግም፣ አንዱ ድንገት ከለቀቀው ሌላውን ፊቱ ላይ ይመታዋል። ሲወጠር እያንዳንዱ ልጅ ራሱ ማዕዘን ይሆናል። በልጅና በልጅ መካከል ያለው ቀጥ ያለ ላስቲክ ደግሞ ጎን ነው። ይህን በጠመኔ መሬት ላይ ከመሣል የምመርጠው ለዚህ ነው፤ የተወጠረ ላስቲክ በልጆቹ መካከል መጉበጥ አይችልም።

አራተኛ ልጅ ከውጭ ሆኖ እየዞረ ይቆጥራል። ጓደኛው ጋ ሲደርስ ትከሻውን ነካ ያደርጋል፣ «አንድ»። ቀጣዩን ይነካል፣ «ሁለት»። ቀላል ይመስላል አይደል? እውነተኛው ችግር የሚመጣው እዚህ ጋ ነው። ብርቱካን በመስመር ደርድራችሁ ብታስቆጥሩት መጨረሻ አለው፣ ብርቱካኑ ሲያልቅ ቆጠራውም ያልቃል። ቅርጽ ግን ዙሪያው አያልቅም። ልጁ ሦስት ብሎ መነሻው ጋ ሲደርስ የሚያስቆመው ነገር የለም፣ ስለዚህ አራት፣ አምስት፣ ስድስት እያለ ይዞራል፣ መቁጠር ደግሞ እንደ ዘፈን ስለሚጥመው ካልያዛችሁት አያቆምም። ያ ሁልጊዜ ቦቲ አድርጎ የሚመጣው ልጅ አስራ አንድ ደርሶ ነው የያዝኩት።

አንዳንዶቹ ሌላ ዓይነት ስሕተት አላቸው። መነሻቸው ጋ ሲደርሱ ያቆማሉ፣ ግን መነሻውን ደግመው ቆጥረው ነው። መልሳቸው አራት ይሆናል። ሁለቱን መለየት ያስፈልጋል፤ የመጀመሪያው ቅርጹ የት እንደሚዘጋ አላየም፣ ሁለተኛው አይቷል፣ ግን የመጀመሪያው ጓደኛው እንደተቆጠረ ዘንግቷል። ለሁለቱም የሠራልኝ መላ አንድ ነው። የተነካ ልጅ እጁን ያነሣል። እጁ የተነሣ አይቆጠርም። የሁሉም እጅ ሲነሣ ቆጠራው አለቀ። ከዚያ «ስንት ናቸው?» እላለሁ። ዝም ብሎ «ሦስት» የሚል ልጅ አለ። ጥያቄውን ሲሰማ እንደገና ከአንድ የሚጀምርም አለ፣ ለእሱ የመጨረሻው ቁጥር የሁሉም ብዛት መሆኑ ገና አልገባውም። እሱን ቅርጽ ላይ አላስጨንቀውም። መጀመሪያ በብርቱካኑ ይቆየኝ።

ጎን ሲቆጠር ዙሩ ሌላ ነው። ማዕዘንና ጎንን በአንድ ዙር አስቆጥሬ አላውቅም፣ ምክንያቱም እየሄዱ «አንድ»፣ ትከሻ ነክተው «ሁለት» ይሉና ሦስት ማዕዘኑ ስድስት ሆኖ ያርፋል። ስለዚህ ለጎን የልብስ መቆንጠጫ እሰጣቸዋለሁ። በሁለት ልጆች መካከል ባለው ላስቲክ ላይ አንድ መቆንጠጫ፣ ቀጥሎ ባለው ላይ አንድ፣ ከዚያም አንድ። ሦስት እጅ፣ ሦስት መቆንጠጫ። አራተኛ ልጅ ሲገባና ሲወጠር አራት እጅ፣ አራት መቆንጠጫ። ያቺ ሹሩባዋ የማይፈታው ልጅ ባለፈው ሳምንት ሳልጠይቃት «ሚስ፣ እጅና መቆንጠጫ እኩል ነው» አለችኝ። ደጋግመን አየን። አምስት ልጅ፣ አምስትና አምስት። ስድስት ልጅ፣ ስድስትና ስድስት። የእሷ ሕግ ሆነ፣ እኔም ደስ ብሎኝ ተቀበልኩ።

ከዚያ ነው ማዛባት የምጀምረው። ከሦስቱ አንዷን «እስቲ ራቅ በይ» እላታለሁ። ላስቲኩ ይረዝማል፣ ይቀጥናል። «ተበላሸ!» ክፍሉ በአንድ ድምፅ። እሺ፣ ቁጠሩ። ሦስት እጅ፣ ሦስት መቆንጠጫ። ዝም ይላሉ። ከዚያ የሚመለከቱትን ወደ ሌላኛው ወገን አዞራቸዋለሁ፣ ቅድም ሹሉ ወደ እነሱ የነበረው አሁን ወዲያ ሆኗል፣ ጓደኞቻቸው ግን ከቆሙበት አልተነቃነቁም። ይህን አካላቸው ይረዳዋል። ወረቀት ሲገለበጥ ያልገባው ልጅ እዚህ ጋ ይገባዋል፣ የዞረው ራሱ ነዋ። ሦስቱን በአንድ መስመር ሳቆማቸው ደግሞ «ገመድ ሆነ!» ይላሉ፣ ልክ ናቸው፣ እዚያ ላይ ሦስት ማዕዘን የለም።

ክፍላችን ውስጥ ሳምቡሳ የመጣችው ከላስቲኩ በኋላ ነው። ዕቃ ላይ ሳስቆጥር አንድ የሚያስቸግር ነገር አለ፤ ሳምቡሳ ውፍረት አላት፣ የክብሪት ሳጥንም ስድስት ፊት አለው፣ ልጅ በእጁ እያገላበጠ ሲቆጥር የትኛውን ጥግ እንደቆጠረ ይጠፋዋል። ለዚህ ዕቃውን ወረቀት ላይ አስተኝቶ ዙሪያውን በእርሳስ ማስመር ነው። ሳምቡሳ ግን እርሳስም አትፈልግም። ወረቀት ላይ ጋደም አድርገን ትንሽ ጫን አደረግናትና አነሣናት። ዘይቷ ታትሟል። ወረቀቱን ወደ መስኮቱ ስናነሣው ብርሃኑ በዚያ በወዛው ቦታ ብቻ ያልፋል፣ ጥርት ያለ ሦስት ማዕዘን። ልጆቹ አፋቸውን ከፍተው አዩት። እኔም።

ወረቀቱን በቅርጹ ልክ ቆረጥኩና ጠረጴዛ ላይ አደረግኩት። በየማዕዘኑ ቆርኪ አስቀመጡ፣ ሦስት ቆርኪ። ከዚያ ቆርኪዎቹን አንሥተን በመቀስ አንዱን ጥግ ቆረጥኩ፣ ቀጥ አድርጌ። «አሁን ስንት ማዕዘን ቀረ?» ሁሉም «ሁለት!»። አንድም የተጠራጠረ የለም፣ ከሦስት ላይ አንድ ሲነሣ ሁለት ነው፣ ትክክለኛ ሒሳብ። ቆርኪ አድርጉበት አልኳቸው። አንድ። ሁለት። ሦስት። እና አንድ ባዶ ጥግ ቀረ። ባለ ቦቲው ልጅ አራተኛውን ቆርኪ ይዞ ወረቀቱን ያያል፣ እኔን ያያል፣ ወረቀቱን ያያል። «ሚስ፣ አንቺ ጨመርሽበት» አለኝ በመጨረሻ። ሳልጨምር መቁረጤን አይቷል። ቢሆንም የሚታየው አራት ነው፣ ጎኑንም በጣቱ ሲሄድበት አራት ሆነለት። የእኩል ሕጉም ጸና። ከዚያ በኋላ ያለውን ጊዜ በሙሉ ጥግ ስንቆርጥ ዋልን፣ ካራቱ አንዱ ሲቆረጥ አምስት፣ ካምስቱ አንዱ ሲቆረጥ ስድስት፣ ወረቀቱም እየዋለ እያደረ ወደ ክብ እየተጠጋ።

እና ክብ ላይ ነው የተያዝኩት። ሹሩባዋ እንጀራ አስታወሰች። «እንጀራስ ስንት ጎን አለው?» በጣቷ ዙሪያውን አየር ላይ ሄደችበትና «አንድ!» አለች፣ ጣቷ አንዴም ሳያቆም ስለተመለሰ። ማዕዘንስ? «የለውም።» በላስቲኩ ካየነው ግን ጎን ማለት በሁለት ልጆች መካከል የተወጠረው ቀጥ ያለው ነው፣ ስለዚህ ክብ ጎንም የለውም፣ ዜሮና ዜሮ፣ እኩል ነው፣ ሕጓ አይነካም። ይህን ልላት አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ግን ምሳ ሰዓት ሆኖ ሳህኗን ስትከፍት ግማሽ እንጀራ ነው፣ እናቷ መሐል ለመሐል በቢላ የቆረጠችው። ቀጥ ያለ አንድ፣ ጎበጥ ያለ አንድ። ጥጉ ሁለት። «ሁለትና ሁለት» አለችና መብላት ጀመረች።

እኔ ግን እስካሁን እያሰብኩት ነው። ጎባጣው ጎን አይደለም ካልኩ እንጀራው በዜሮና ዜሮ ይስማማል፣ ግማሹ ግን አንድ ጎንና ሁለት ማዕዘን ይሆንና የልጅቷ ሕግ ይፈርሳል። ጎባጣውም ጎን ነው ካልኩ ደግሞ ግማሹ ሁለትና ሁለት ይሆናል፣ ሙሉው እንጀራ ግን አንድ ጎን ኖሮት ማዕዘን ያጣል። በየትኛውም በኩል አንዱ ይጎድላል። ሕጉ ቀጥ ላሉት ብቻ ነው ብሎ መገላገል ይቻላል፣ ትልልቆቹም የሚሉት ይህንኑ ነው። ለአራት ዓመት ልጅ፣ ራሷ ላገኘችው ሕግ፣ ያንን ወሰን እኔ ልንገራት ወይስ ሙሉውንና ግማሹን እንጀራ አጠገብ ለአጠገብ አስቀምጬላት ራሷ እንድትደርስበት ልጠብቅ? የሕፃናት አስተማሪ የሆናችሁ፣ እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጋላችሁ?