ፓራሲታሞል የገዛሁት አሞኝ አልነበረም

ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር ውስጥ ካለች አንዲት ፋርማሲ በሦስት ወር ውስጥ ዘጠኝ ጊዜ ፓራሲታሞል ገዝቻለሁ። አንድም ቀን ራሴን አላመመኝም። የምሄደው ፋርማሲስቷን ለማየት ነበር። እገባለሁ፣ "ፓራሲታሞል" እላለሁ፣ እከፍላለሁ፣ መልሱን ሳልቆጥር እወጣለሁ። በዘጠነኛው ቀን ልጅቷ መድኃኒቱን ይዛ ቀና ብላ አየችኝና "ይሄን ያህል የሚያምህ ከሆነ ሐኪም ብታይ አይሻልም?" አለችኝ። ከልቧ ነው። ጆሮዬ ሲግል ተሰማኝ። ከዚያ ቀን በኋላ በዚያ መንገድ ላለማለፍ ስል በደቻቱ በኩል እዞር ነበር።

ያኔ ያፈርኩት ለራሴ ነው። ስለ እሷ ያሰብኩት ቆይቼ ነው። ከዚያ ባንኮኒ ጀርባ ወዴትም መሄድ አትችልም። ፈገግታዋም ሥራዋ ነው። እኔ ቃል አልተነፈስኩም፣ ግን አንድ ሰውዬ በየአሥር ቀኑ እየመጣ ዓይኑን ሳያነሳ ክኒን ሲገዛ ምን ሊመስላት ይችላል? ዝም ማለት ለስላሳነት ይመስለኝ ነበር። አይደለም። ካስተናጋጅ፣ ከካሸር፣ ከፋርማሲስት፣ ባጠቃላይ ሥራ ላይ ሆና ጥላህ መሄድ ከማትችል ሰው ጋር መጀመር ለዓይን አፋር ቀላል የሚመስለው እሷ ስለማታመልጥ ነው። ችግሩም እሱው ነው።

በዓመቱ የፒችትሪ የሒሳብ ሶፍትዌር ኮርስ ተመዘገብኩ። ቅዳሜ ጠዋት ከሁለት ሰዓት ተኩል እስከ አምስት ሰዓት ተኩል። ስምንት ተማሪ ነን፣ ያለው ቬንትሌተር አንድ ነው። የድሬን ሙቀት የሚያውቅ ሰው ከቬንትሌተሩ ሥር ያለው ወንበር ምን ያህል እንደሚያጣላ ይገባዋል። ከተማሪዎቹ አንዷ ከሳቢያን ሰፈር ትመጣለች፣ ሁሌ ትንሽ ታረፍዳለች፣ ሁሌም ግድግዳው ጋ ላብ በላብ ሆና ትቀመጣለች። ሳቋ ከሰውነቷ ይበልጣል።

ለመጀመሪያ ጊዜ ያናገረችኝ እሷ ናት። እኔ ግን ቤት ሆኜ ስለ ሙቀቱ የማወራትን ተለማምጄ ነበር የመጣሁት። "ቁርስ በላህ?" አለችኝ። "አዎ፣ በጣም ይሞቃል" አልኳት። የተለማመድኩት አመለጠኝ። "ምኑ? ቁርሱ?" ብላ ሳቀች። እኔ ሌሊቱን ሙሉ አልተኛሁም።

ኋላ ላይ እንዳነበብኩት ይህ ነገር የተጠና ነው። ዴቪድ ክላርክና አድሪያን ዌልስ የተባሉ የእንግሊዝ የሥነ ልቦና ባለሙያዎች በ1995 እ.ኤ.አ. የጻፉት ነው። ሰው ፊት ስንሆን የምንፈራ ሰዎች ዓይናችንን ወደ ውስጥ እናዞራለን። ድምፄ ተንቀጠቀጠ ወይ? ላቤ ታየ ወይ? ከዚያ ራሳችንን ለማዳን የሆነ ነገር እናደርጋለን፤ ቃል እንለማመዳለን፣ ስልክ እንነካካለን፣ ድምፃችንን ቀነስ እናደርጋለን። እነዚህ መዳኛዎች ግን ፍርሃቱን ያቆዩታል፣ ሰውየውንም ለሌላው ቀዝቃዛ ያስመስሉታል። እኔ ልክ እንደዚያ ነበርኩ። ልጅቷ ስታወራ የማዳምጠው የራሴን ልብ ነበር።

ስለዚህ መለማመዱን ተውኩት። በምትኩ ለራሴ አንድ ትንሽ ሥራ ሰጠሁ፦ ስለ እሷ ዛሬ ጠዋት የማላውቀውን አንድ ነገር ብቻ አውቄ ልመለስ። ያቺን ነገር ለማግኘት ደግሞ የግድ ማዳመጥ አለብኝ። ላቡ አልቀረም። ግን ላቤን የምጠብቅበት ጊዜ አጣሁ።

የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ሰላምታ ብቻ ነበር። ስሟን ጠርቼ ሰላም እላለሁ፣ "መንገዱ እንዴት ነበር?" እላለሁ፣ መልሷን ሰምቼ ወደ ቦታዬ ቀድሜ እሄዳለሁ። ይህ ቀድሞ መሄድ ትንሽ ነገር ይመስላል፤ እኔን ግን የረዳኝ ከሁሉም በላይ እሱ ነው። ወሬው መጨረሻ እንዳለው ካወቅኩ ፍርሃቴ ይቀላል። እሷም "አሁን ይሄ ሰውዬ ሊለቀኝ ነው ወይስ አይደለም" ብላ አትጨነቅም። በሦስተኛው ሳምንት እናቷ ስኳር እንዳለባት ነገረችኝ። በአራተኛው "እናትሽ ተሻላት?" አልኳት። ቆም አለች። ያለችውን ይዤ መመለሴን ያስተዋለችው ያኔ ይመስለኛል። ከዚያ ወዲህ የምትጠይቀኝ እሷ ሆነች፤ የእኔን ሥራ፣ የእኔን እናት። እኔ ብቻ እየጠየቅኩ እሷ ብቻ እየመለሰች ቢሆን ኖሮ እዚያው እቆም ነበር።

አንድ ጥፋት ላደርስ ስል ግን ተርፌያለሁ። እዚህ አገር ድፍረት ያጣ ሰው ከሰዓት በኋላ የት እንደሚሄድ ይታወቃል። የአወዳይ ጫት ከተማ ሲገባ እኔም በርጫ ተጠራሁ። ምርቃናው ሲመጣ በዓለም ላይ የማልናገረው ነገር አልነበረም። ከኮርሱ የቴሌግራም ግሩፕ ስልኳን አወጣሁና ጻፍኩ። ጻፍኩ። የልጅነቴን፣ ፓራሲታሞሉን፣ ሳቋን፣ ሁሉንም። ልልክ ስል ስልኬ ባትሪ ጨርሶ ጠፋ። ማታ ዱካኩ መጣ፤ ልቤ እየመታ ጣራ ሳይ አደርኩ። ጠዋት ቻርጅ አድርጌ ሳነበው በሩን ዘግቼ ነው ያነበብኩት። ጫት የሚያነቃቃ ነገር ነው፣ ልብን ያስሮጣል፤ ለጭንቀታም ሰው ድፍረቱን አበድሮ ማታ በወለድ ይቀበላል። የጻፍኩት ነገር ውሸት አልነበረም። ግን ያን ያህል የተጻፈለት ሰው ያን ያህል መመለስ ያለበት ይመስለዋል። እሷ እኮ ከእኔ ጋር ያወራችው ሲደመር አንድ ሰዓት አይሞላም። ስልኳንም ራሷ አልሰጠችኝም። አጠፋሁት።

ግብዣው በስድስተኛው ቅዳሜ ሆነ። ሌሎቹ እስኪወጡ ጠበቅኩ፤ ሰው ፊት የተጠየቀ ሰው እምቢ ማለት ይከብደዋል። ከዚያ እንዲህ አልኳት፦ "እዚህ ማዶ ጁስ ልጠጣ ነው። ከፈለግሽ አብረን እንጠጣ፣ ከቸኮልሽ ደግሞ ችግር የለም።" ጁስ ቤቱ ከኮርሱ ፊት ለፊት ነው። ቀን ነው፣ ሰው ይበዛበታል፣ ስድስት ሰዓት ሲሆን ሁሉም ለምሳና ለሙቀቱ ወደየቤቱ ይገባል። ስለዚህ ቢበዛ ግማሽ ሰዓት ነው። እኔ በማንኛውም መንገድ ልጠጣ ነው፤ እሷ ባትመጣ የሚበላሽ ነገር የለም። እራት ብላት፣ ሐረር ድረስ እንሂድ ብላት ኖሮ እምቢታዋም በዚያው ልክ ይከብዳት ነበር።

"ዛሬ እንኳን እናቴ ትጠብቀኛለች" አለች። እግሬ ከዳኝ። ቀጠለችና "የሚመጣው ቅዳሜ ግን ይመቸኛል" አለች።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። እኛ ሰዎች ፊት ለፊት እምቢ አንልም። "እሺ" እንላለን፣ "እናያለን" እንላለን፣ "እንሻአላህ" እንላለን፣ ድሬ ከሆነ ደግሞ "አቦ አትቸኩል፣ እንደዋወላለን" ተብሎ በሳቅ ይሸኛል። ይህን እንደ ተስፋ ቆጥሬ አንዲትን የድሮ የሥራ ባልደረባዬን ሦስት ጊዜ ቡና ጋብዣታለሁ። ሦስቴም "እሺ" አለችኝ፣ ሦስቴም አልመጣችም። የመጀመሪያው "እሺ" ራሱ እምቢታ ነበር። አሁን የማየው ቃሉን ሳይሆን ምትክ ቀን መኖሩን ነው። መምጣት የሚፈልግ ሰው ሳይመቸው ሲቀር ራሱ ሌላ ቀን ያመጣል። ምትክ ከሌለ ዳግመኛ አልጠይቅም፣ "ለምን?" አልልም፣ ጓደኛዋን ልኬ አላስጠይቅም። ሰላምታዬ ግን እንደነበረው ይቀጥላል። ከግብዣ በኋላ ሰላምታ የሚቀዘቅዝ ከሆነ፣ መጀመሪያውኑ ሰላምታው ብድር ነበር ማለት ነው።

በሰባተኛው ቅዳሜ ስፕሪስ ጠጣን። ግማሽ ሰዓት አልኩ እንጂ ሃምሳ ደቂቃ ሆነ። በመሃል ሁለት ጊዜ ዝም አልን። የመጀመሪያውን ዝምታ ልሞላ ስል ተውኩት፤ እሷ ሞላችው። ባጃጅ ይዛ ሄደች። ማታ መልእክት አልላክኩም።

እንዲህ አምስት ቅዳሜ ሄድን። ከዚያ አንድ ነገር ያስጨንቀኝ ጀመር። ይህ ሁሉ ቀስ ማለቴ ለእሷ ማሰብ ነው ወይስ መደበቅ? በእውነት ልናገር፣ ግማሹ መደበቅ ነበር። ምንም ካልተናገርኩ ማንም እምቢ አይለኝም። እሷ ግን "ይሄ ልጅ ምንድን ነው የሚፈልገው?" እያለች ልትገምት ነው፤ ያ ደግሞ እንደገና ፓራሲታሞል መግዛት ነው። ሲበዛ ለስላሳ የሆነ ነገር አይጨበጥም።

ስለዚህ ባጃጅ ስትጠብቅ ነገርኳት፤ ልትሄድ ስለሆነ ፊቴ ቆማ እንድትመልስ አትገደድም። "እንደ ኮርስ ጓደኛ ብቻ አይደለም የማይሽ። እንድታውቂው ብዬ ነው። መልስ ዛሬ አልፈልግም። ካልሆነም ቅዳሜ ሰላም እንባባላለን።" ድምፄ ተንቀጠቀጠ። የመጨረሻውን ቃል ባጃጁ ዋጠው፣ ደግሜ መናገር ነበረብኝ። ሁለተኛው ይበልጥ ተንቀጠቀጠ። "ላስብበት" አለችኝና ገባች።

"ላስብበት" ደግሞ ምትክ ቀን የለውም። በሚቀጥለው ቅዳሜ ሰላም አልኳት፣ እናቷን ጠየቅኩ፣ ወደ ቦታዬ ሄድኩ። ስለ ነገሩ አላነሳሁም። በዚህ ሁሉ ውስጥ ከባዱ ያ ሳምንት ነበር። ሆዴ ምግብ አልቀበል አለ። ሁለት ጊዜ ስልኬን አንስቼ "አሰብሽበት?" ብዬ ጽፌ አጥፍቻለሁ። ለእሷ ጊዜ ሰጥቼ መልሼ ልነጥቃት አልፈለግኩም።

ከዚያ በኋላ ባለው ቅዳሜ ያረፈድኩት እኔ ነበርኩ። ስገባ ከቬንትሌተሩ ሥር ተቀምጣለች። አጠገቧ ያለው ወንበር ላይ ቦርሳዋን አስቀምጣበታለች፤ አንዱ ልጅ ሊቀመጥ ሲል "ሰው አለው" ስትለው ሰማሁ። እኔን ስታይ ቦርሳውን አነሳች።

"ቁጭ በል" አለችኝ። "ቁርስ በላህ?"

"በጣም ይሞቃል" አልኳት። መብራት ከጠዋት ጀምሮ አልነበረም።